ሁለቱም ወላጆች ሥራ ለሚውሉበት ቤት፦ የሳምንቱን የቤት ሥራና ጉዳይ እንዴት እንደልድለው?

የቤት ሥራ ፕሮግራም ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ሰባቱን ቀናት ወረቀት ላይ ጽፎ ሥራውን በማከፋፈል ነው። ሰኞ ልብስ፣ ማክሰኞ ጽዳት፣ ረቡዕ ገበያ እየተባለ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሁለት ሳምንት አይቆይም። ልብስ በተመደበበት ቀን ውሃ አይኖርም። እንጀራ በተመደበበት ቀን ሊጡ አልደረሰም፣ ወይም መብራት ጠፍቷል። ስለዚህ አወጣጡ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ እናንተ ልታዘዋውሯቸው የማትችሏቸውን ነገሮች ጻፉ፣ ከዚያ የቀረውን ሥራ በዙሪያቸው አስቀምጡ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቤተሰብ ይዘን እንሂድ። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ቋሚ ሠራተኛ የሌላቸው ባልና ሚስት ናቸው። እናት ባንክ ትሠራለች፣ ቅዳሜም እስከ ስድስት ሰዓት ትገባለች። አባት ከሰኞ እስከ አርብ ቢሮ ይውላል። የ10 ዓመት ልጅና የ7 ዓመት ሴት ልጅ አሏቸው። የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ጠዋት 1፡15 ይመጣል። ልጆቹ ቱቶሪያል ቆይተው 11፡30 ላይ ይመለሳሉ፣ ወላጆች 12 ሰዓት አካባቢ ይገባሉ። ውሃ በፈረቃ ማክሰኞ ማታና አርብ ማታ ይመጣል። ረቡዕና አርብ ይጾማሉ።

አንድ፦ የማይንቀሳቀሱትን ጻፉ

በዚህ ቤት የማይንቀሳቀሱት አራት ናቸው፦ የውሃ ፈረቃው፣ የጾም ቀናቱ፣ የሰርቪሱ ሰዓትና የእናትየዋ የቅዳሜ ሥራ። በእናንተ ቤት ሌላ ሊሆን ይችላል። አንዱ ቤት የአርብ ጁምአ ሰዓት አለው፣ ሌላው በወር አንድ እሁድ የዕድር ስብሰባ ወይም የማታ ትምህርት አለበት። እነዚህን በእስክሪብቶ፣ ሌላውን ሁሉ በእርሳስ ጻፉ።

ውሃን በተመለከተ ግምት አትመኑ። ለሁለት ሳምንት ውሃው በትክክል ስንት ሰዓት እንደመጣና ስንት ሰዓት እንደሄደ ከፍሪጁ ላይ በተለጠፈ ወረቀት መዝግቡ። ከላይ ፎቅ ላላችሁ ይህ በተለይ ያስፈልጋል። ግፊቱ ዝቅ ሲል ምድር ቤት ያለው ጎረቤት እየቀዳ እናንተ ጋ ላይደርስ ይችላል። ብዙ ቦታ ውሃው እላይ ድረስ የሚወጣው ሌሊት፣ ሰው ሲተኛ ነው። ስለዚህ ማምሻውን ቧንቧ መክፈትና የሮቶውን ተንሳፋፊ ማየት የአንድ ሰው ቋሚ ሥራ መሆን አለበት። ተንሳፋፊው ካልሠራ ሮቶው ሞልቶ በረንዳው ይጥለቀለቃል፣ የታችኛውም ጎረቤት ቤት ይንጠባጠባል።

ሁለት፦ እንጀራውን ከመጋገሪያው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

በዚህ ሁሉ ውስጥ ቀድሞ ታስቦበት የሚሠራው እንጀራ ነው። ሌላው ሥራ በዕለቱ ተጀምሮ በዕለቱ ያልቃል። ሊጥ ግን ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ መቡካት አለበት። ቅዳሜ ለመጋገር ረቡዕ የረሳ ሰው ቅዳሜ ምንም ማድረግ አይችልም።

መጀመሪያ ስንት እንጀራ እንደሚበላ ቁጠሩ። በምሳሌያችን ቤት እራት ላይ አራት፣ ለልጆቹ ምሳ ዕቃና ለቁርስ ፍርፍር አንድ፣ በጠቅላላው በቀን አምስት ይበቃል። አንዳንዱ ምሽት ፓስታ ወይም ሩዝ ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ 35 አያስፈልግም። ወደ 30 ነው። ነገር ግን 30ውን በአንድ ቀን መጋገር አይጠቅምም። ከፍሪጅ ውጪ የተቀመጠ እንጀራ ሦስት አራት ቀን ሲሞላው ይሻግታል።

ሁለቴ መጋገርም ሥራ ለሚውል ሰው አይሆንም። በሳምንቱ መሃል ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ምጣድ የሚጣድበት ቤት ልጆች የቤት ሥራቸውን የሚያይላቸው ሰው አያገኙም። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፦ ቅዳሜ 20 ጋግሩ፣ ረቡዕ ማታ ሰፈር ውስጥ ከምታምኗት ጋጋሪ 10 ግዙ። ዋጋው ትንሽ ይጨምራል፣ ግን አንድ ሙሉ ምሽት ይመለስላችኋል። ጋጋሪዋን ደግሞ በቋሚነት ያዙ። ረቡዕ 10 እንደምትወስዱ ካወቀች ታስቀርላችኋለች።

ለ20 እንጀራ እንደ ምጣዱ ስፋት ከ4 እስከ 5 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ይሄዳል። የሚቡካው ረቡዕ ማታ ከእራት በኋላ ነው። ካለፈው የተረፈውን እርሾ ሁለት ኩባያ ያህል ጨምሮ፣ መጀመሪያ ወፈር አድርጎ ጓል እስኪጠፋ ማሸት፣ ከዚያ በውሃ ማላላትና ከድኖ ማስቀመጥ። ጠቅላላ ሥራው ሃያ ደቂቃ ነው። በክረምቱ ብርድ ሊጥ ስለሚዘገይ ማክሰኞ ማታ ይቡካ። በሙቀቱ ወራት ሐሙስ ጠዋት ቢቡካም ይደርሳል። መድረሱን የሚነግራችሁ ቀን ሳይሆን ሊጡ ራሱ ነው። ከላይ ቢጫ ውሃ ሲያቀር፣ ከታች ሊጡ ሲረጋና ደስ የሚል ኮምጣጣ ሽታ ሲሰጥ ደርሷል። ሽታው አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ አልፎበታል። የላዩን ውሃ ደፍታችሁ በንጹሕ ውሃ ብትተኩት ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል።

በምሳሌያችን ቤት ቅዳሜ እናት ሥራ ላይ ስለሆነች አብሲት የሚጥለው አባት ነው። አምስት ሰዓት ላይ የላዩን ውሃ ይደፋል። ከሊጡ ሁለት ጭልፋ ያህል ያወጣና በሦስት እጥፍ ውሃ በጥብጦ፣ እንዳይጓጉል ሳያቋርጥ እያማሰለ እንደ አጥሚት እስኪወፍር ያፈላዋል። ከዚያ የሚረሳ ነገር አለ፦ ማብረድ። ትኩሱ አብሲት ወደ ሊጡ ከተመለሰ እርሾውን ይገድለዋል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። እጅ ሲነካው ለብ ማለት አለበት። ከተመለሰ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ ኩፍ ይላል። እናት ስምንት ሰዓት ላይ ምሳ በልታ ስትነሳ ሊጡ ይጠብቃታል።

ቅዳሜ ከሰዓት መጋገሩ ሌላም ጥቅም አለው። ቅዳሜ ጠዋት ብሎኩ ሁሉ ምጣድ ስለሚጥድ ኃይል ይወርዳል። ምጣዱ በደንብ ካልጋለ እንጀራው ይጣበቃል፣ ዳር ዳሩም አይነሳም። ይህን ካያችሁ በአንድ ሁለት እንጀራ ሞክራችሁ አቁሙና ኃይሉ እስኪመለስ ጠብቁ። ሊጡን ሁሉ አበላሽቶ መጨረስ አያስፈልግም። ምጣዱ ሲሠራ ስቶቭና ልብስ ማጠቢያ ማሽን አብረው አይከፈቱ፣ ቆጣሪው ይወርዳል። ምጣዱን ለማጋል ሩብ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ እንጀራ ከማሰሻው ጋር ሦስት አራት ደቂቃ ብትይዙ 20ው በአንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ያልቃል። እንጀራው ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ አትደራርቡት። በላስቲክ ውስጥ ያላበው እንጀራ በሁለተኛው ቀን ነጭ ነጥብ ይይዛል።

አብሲት ተጥሎ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሊጡን ፍሪጅ ውስጥ አስገቡትና በሩን አትክፈቱ። ለጥቂት ሰዓታት ያቆያችኋል። ማታ መብራት ከመጣ ይጋገራል። ካልመጣ የቅዳሜው እራት ዳቦ ነው፣ ነገ ደግሞ ትንሽ የኮመጠጠ እንጀራ ይበላል።

ሦስት፦ እሁድ አንድ ድስት ቁሌት

በሥራ ቀን ማታ ወጥ የሚያስመሽው ሽንኩርቱ ነው። መላጥ፣ መክተፍ፣ ማቁላላት ሲደመር ወደ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ሌላው ሩብ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሽንኩርቱን በሳምንት አንዴ ብቻ አቁላሉ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ይከተፋል። ድስቱ ላይ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በራሱ ውሃ፣ እያማሰሉ እስኪጠወልግና ቀለሙ እስኪለወጥ ይቁላላል። ቀጥሎ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ ገብቶ፣ እንዳያር ጠብ ጠብ እያደረጉ በውሃ ማሸት፣ በመጨረሻ ነጭ ሽንኩርት። ቅቤ ግን አይገባበትም። ቁሌቱ በዘይት ብቻ ከተሠራ ለጾሙም ለፍስኩም ይሆናል። በፍስክ ቀን ወጡ ሊወጣ ሲል ቅቤ ትጨምራላችሁ። ከቅቤ ጋር አቁላልቶ ያስቀመጠ ሰው ረቡዕና አርብ ከባዶ ይጀምራል።

በርበሬው ከመግባቱ በፊት ደግሞ ጥቂት ሽንኩርት ቀንሳችሁ ለብቻ አስቀምጡ፣ ለአልጫ ይሆናል። የቀረው ሲበርድ በአራት ክዳን ባላቸው ዕቃዎች ይከፈል። ሁለቱ ታች ፍሪጅ ውስጥ፣ ሁለቱ ፍሪዘር። ጠዋት ከቤት ሲወጣ አንዱ ከፍሪዘር ወደ ታች ይወርዳል። መብራት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ከዋለ የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ፣ የዚያን ምሽት እሱ ይሠራ።

በዚህ አያያዝ ሰኞ ማታ ቁሌት ላይ እንቁላል ወይም ሥጋ፣ ረቡዕ ምስር፣ አርብ ሽሮ ይሠራል። ማክሰኞ አልጫው በድንችና ካሮት ይወጣል፣ ሐሙስ ፓስታ በአራተኛው ዕቃ ቁሌትና ቲማቲም። እያንዳንዱ እራት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይቀርባል።

ምሳ ዕቃው ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጠዋት የሞቀ ምግብ በትኩሱ ተከድኖ ከተላከ እስከ ስድስት ሰዓት ሊኮመጥጥ ይችላል። በተለይ ሽሮና ድንች። ምግቡ ምሳ ዕቃው ውስጥ ገብቶ ክዳኑ ሳይዘጋ አሥር ደቂቃ ይቆይ። ልጆቹ ጫማ እስኪያደርጉ ይበርዳል። ልጁ ምሳውን ሳይበላ የሚመልስባቸው ቀናት ካሉ፣ ከመቆጣት በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱት።

አራት፦ ልብስ ከውሃው ጋር ይሂድ

አርብ ማታ ውሃ ሊመጣ ሲል ሮቶው ውስጥ የተረፈ አሮጌ ውሃ ይኖራል። ልብስ የሚነከረው በእሱ ነው። የሚታጠበውና የሚለቀለቀው ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሮቶው መሙላቱ በዓይን ከታየ በኋላ። ውሃው ሌሊት ሳይመጣ ከቀረ የተነከረው ይቆያል እንጂ ቤቱ የሚጠጣው አያጣም። ምንጊዜም የማይነኩ ሁለት ጀሪካኖች ይኑሩ። የእነሱ ውሃ ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ ነው።

ሂሳቡም ቀላል ነው። አራት ሰው በቁጠባ በቀን 100 ሊትር ያህል ይጠቀማል፣ ማለት አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ከአርብ እስከ ማክሰኞ አራት ቀን ስለሆነ 400 ሊትር። የእጅ እጥበት ሌላ 100 ሊትር ይፈልጋል። ስለዚህ 500 ሊትር ሮቶና ሁለቱ ጀሪካኖች ለዚህ ቤት ይበቃሉ። አንሶላና ብርድ ልብስ ግን ከዚህ ውጪ ነው፣ በየሁለት ሳምንቱ እያፈራረቁ ይታጠብ። የማጠቢያው ቅደም ተከተል ከነጭ ወደ ጥቁር ነው፦ የዩኒፎርም ሸሚዝ፣ ከዚያ ቀለም ያለው፣ ከዚያ ጂንስና ካልሲ። የመጨረሻው የሳሙና ውሃ ወለል ይጠረግበታል፣ ሽንት ቤት ይደፋል።

ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት የዩኒፎርም ሸሚዝ ካለ ሳምንቱ ይዘለቃል። ሰኞና ማክሰኞ የተለበሰው ሸሚዝ ማክሰኞ ማታ አንገትጌና እጅጌው ብቻ በእጅ ታሽቶ ይሰጣል፣ ረቡዕ ሁለተኛው፣ ሐሙስ ደግሞ የታሸው ይለበሳል።

አምስት፦ ገበያና ጉዳይ በአንድ መንገድ

ከሥራ መልስ እየተወረደ የሚገዛ ነገር ኪስም ጊዜም ይበላል። አትክልቱ በሳምንት አንዴ፣ እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከእሁድ ገበያ ይገዛ። ገበያው በአቅራቢያችሁ ከሌለ የምታውቁት ጉልት ይበቃል። ለዚህ ቤት 4 ኪሎ ሽንኩርት፣ 3 ኪሎ ድንች፣ 2 ኪሎ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ጎመንና ቃሪያ በቂ ነው። ቲማቲሙን ግማሹን የበሰለ፣ ግማሹን ጠንከር ያለ ምረጡ። ጠንካራው ሐሙስ ላይ ይደርሳል።

የውሃ ክፍያ በስልክ ይከፈላል፣ የመብራት ካርድ ደግሞ ቀሪው ሂሳብ ሳያልቅ መሞላት አለበት። አባት ማክሰኞ ውሃ ሲጠብቅ ቆጣሪውንም አብሮ ያንብብ። ቅዳሜ ከሰዓት ምጣድ ላይ እያሉ ካርድ ማለቅ ከመብራት መጥፋት አይለይም። ወፍጮ ቤት፣ በርበሬና ሽሮ የሳምንት ሥራ አይደሉም፣ በየሁለት ሦስት ወሩ ለብቻ ቀን ይያዝላቸው።

ስድስት፦ ሥራው ከነሐሳቡ ይከፈል

እዚህ ላይ ብዙ ቤት ይሰናከላል። ባልየው "ምን ላግዝሽ?" ይላል፣ ሚስት ግን ምን እንደጎደለ የማሰቡን ሥራ ብቻዋን ትሸከማለች። አንድ ሥራ ለአንድ ሰው ሲሰጥ ማስታወሱም ይሰጠው። በምሳሌያችን ቤት ውሃ፣ ልብስ፣ መብራት ካርድና የቅዳሜው አብሲት የአባት ናቸው። ሮቶው ባዶ ቢሆን የሚጠየቀው እሱ ነው፣ ማንም አያስታውሰውም። ሊጥ፣ ቁሌትና ምሳ ዕቃ የእናት ናቸው። ገበያው ዝርዝሩን በጻፈው ሰው ይገዛል፣ ይህ በየሳምንቱ ይቀያየራል።

ልጁ ከእራት በኋላ ዕቃ ያጥባል፣ ጠዋት ከሱቅ ዳቦ ያመጣል። እህቱ ምስር ትለቅማለች፣ ካልሲ ታጣምራለች፣ እሁድ ማታ የሁለቱንም ጫማ ትጠርጋለች። ዕቃ ማጠቡን ለወንዱ የሰጠሁት ሆን ብዬ ነው። ወጥ ቤቱ የሴት ልጅ ብቻ ከሆነ እሷ ስታድግ የትምህርት ቤት የቤት ሥራዋን የምትሠራው ሁሉ ከተኛ በኋላ ይሆናል። ከልጅ ሥራ ፍጹምነት አትጠብቁ። ድስትና ቢላዋ ለአዋቂ ይቅር፣ ሰሃንና ብርጭቆ የእሱ ይሁን። ፈተና ሲደርስ የልጆቹ ሥራ ለሁለት ሳምንት ወደ ወላጆች ይመለሳል። ይህም አስቀድሞ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፣ ካልሆነ ሁልጊዜ ፈተና አለ ይባላል።

ሳምንቱ ሲሰደር

ሰኞ ማታ ከእራት ሌላ ሥራ የለም። ከእሁድ በኋላ ሁሉም ደክሟልና የልጆቹ የትምህርት ቤት የቤት ሥራ ብቻ ይታይ።

ማክሰኞ፦ የሸሚዝ አንገትጌ፣ ቆጣሪ ማንበብ፣ ማታ ውሃ።

ረቡዕ፦ ከጋጋሪዋ 10 እንጀራ፣ ምስር ወጥ፣ ከእራት በኋላ ሊጥ ማቡካት።

ሐሙስ፦ ፓስታ። ሽንት ቤትና ወጥ ቤት ይጸዳሉ።

አርብ፦ ሽሮ። ልብስ ይነከራል፣ ማታ ውሃ ይጠበቃል።

ቅዳሜ፦ ጠዋት አባትና ልጆች ልብስ ያጥባሉ፣ ወለል ይጠርጋሉ። አምስት ሰዓት አብሲት፣ ስምንት ሰዓት ምጣድ። ሲመሽ ማንም አዲስ ሥራ አይጀምርም።

እሁድ፦ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ ከሰዓት ቁሌት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የልጆች ቦርሳ ይፈተሻል፦ የተፈረመ ደብተር፣ የተመለሰ ምሳ ዕቃ፣ የተቀረጸ እርሳስ። ይህ ሩብ ሰዓት ሰኞ ጠዋት ሰርቪሱ ጥሩምባ ሲነፋ ደብተር ከመፈለግ ያድናል።

ሲዛነፍ ምን ይቀራል?

ልጅ ይታመማል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ ቢሮ ያስመሻል። በእንዲህ ያለ ሳምንት ከሁሉ ቀድሞ የሚቀረው የወለል ጽዳት ነው፣ ቀጥሎ የቁሌቱ ሥራ። ቁሌት ከሌለ ሁለት ምሽት ሽሮና ፍርፍር ይበላል፣ ማንም አይጎዳም። የማይቀሩት ውሃ መቅዳትና ዩኒፎርም ናቸው። ረቡዕ ሊጥ ካልተቦካ ሐሙስ ጠዋት ይቡካና መጋገሩ ወደ እሁድ ይሻገር፣ ወይም ለጋጋሪዋ ያኔውኑ ደውላችሁ ለቅዳሜ 20 እንድትጨምር ንገሯት።

አንድ ሥራ ሦስት ሳምንት በተከታታይ በቀኑ ካልተሠራ ግን ችግሩ የሰው ስንፍና አይደለም፣ ቀኑ አይስማማውም ማለት ነው። እሁድ ማታ ቦርሳው ሲፈተሽ እርሳሱን አንሱና ሌላ ቦታ አዙሩት። በዐቢይ ጾም ሳምንቱ ሁሉ ጾም ስለሆነ የቁሌቱን ሽንኩርት ወደ 4 ኪሎ ከፍ አድርጉ። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ልብስ በረንዳ ላይ ሁለት ቀን ቢሰጣም ስለማይደርቅ ጂንሱንና ሹራቡን ለፀሐያማ ቀን አቆዩ፣ ሊጡንም ማክሰኞ አቡኩ።